«አመሰግናለሁ፣ ተቀብያለሁ» ብለሽ ከመላክሽ በፊት

ሐዋሳ፣ ግንቦት 29

ሕይወቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

የእንግሊዙ ዩኒቨርሲቲ የጻፈልሽን፣ በቴሌግራም የላክሽልኝን የቅበላ ደብዳቤ አባትሽ ፒያሳ ወርዶ አሳትሞ አመጣልኝ። ስልክ ላይ ማንበብ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ቡናው እስኪፈላ አንዴ፣ ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ እስክሪብቶ ይዤ አነበብኩት። አባትሽማ የመጀመሪያውን መስመር አይቶ «ልጄ እንግሊዝ ልትሄድ ነው» ብሎ ለሰፈሩ አውርቶ ጨርሷል። እኔ ሬጅስትራር ቢሮ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው «ከሆነ» ወደሚለው ቃል ነው።

ደብዳቤሽ ደግሞ «ከሆነ» የበዛበት ነው። የሰጡሽ ቅድመ ሁኔታ ያለው ቅበላ ነው። ሁኔታዎቹ ካልተሟሉ ለቪዛ የሚያስፈልግሽን ካስ የሚባለውን ቁጥር አይሰጡሽም። ስለዚህ ዛሬ ማታ «ተቀብያለሁ» ብለሽ እንዳትልኪው። መልስ የሚጠብቁት እስከ ሰኔ 12 ነው፣ ጊዜ አለሽ።

እንግሊዝኛው ላይ ልጀምር፣ ያሳሰበኝ እሱ ነው። አንቺ በስልክ «አይልትሱን 6.5 ነው የጠየቁት፣ እኔ 7 አለኝ፣ አልፌያለሁ» አልሽኝ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቢው። አጠቃላይ 6.5፣ «እና» በእያንዳንዱ ክፍል ከ6.0 ያላነሰ ይላል። ውጤትሽን አውጥቼ አየሁት። ማዳመጥ 7.5፣ ማንበብ 7.0፣ መናገር 7.5፣ መጻፍ 5.5። ተደምሮ ለአራት ሲካፈል 6.875 ይመጣል፣ እነሱ ወደ 7.0 ያጠጋጉታል። አጠቃላዩ ቆንጆ ነው። መጻፍ ግን በግማሽ ነጥብ ወድቋል። በዚያች «እና» ምክንያት ሁኔታው አልተሟላም ማለት ነው። «አሟልቻለሁ» ብለሽ ብትጽፊ ውጤቱን ሲያዩ ይመልሱልሻል፣ ያኔ ደግሞ ሐምሌ ገብቷል።

እዚህ ላይ የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዲግሪሽን በእንግሊዝኛ መማርሽን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ በውጤቱ ፋንታ ይቀበላሉ ወይ? የሚቀበሉ አሉ፣ የማይቀበሉም አሉ። ሁለተኛ፣ የጎደለውን አንድ ክፍል ብቻ ደግሞ የመፈተን አሠራር አለ፣ ያንን ይቀበላሉ ወይስ አራቱንም ደግመሽ በአንድ ቀን መፈተን አለብሽ? ይህንን ሳትጠይቂ ለፈተና እንዳትከፍዪ። የፈተና ማዕከሉንም አንዱን ክፍል ብቻ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂ፣ ሁሉም ቦታ የለም።

አሁን ወደ ዲግሪው። ነጥብ ከ4 ቢያንስ 3.0 ይላሉ፣ አንቺ 3.21 አለሽ፣ እሱን እለፊው። ችግሩ የሚቀጥለው መስመር ነው፦ «የመጨረሻውን የዲግሪ ማስረጃ እና ትራንስክሪፕት እስከ ጁላይ 31»። በእጅሽ ያለው ጊዜያዊው ዲግሪ ነው። ዋናውን ለማውጣት የወጪ መጋራቱ ዕዳ መዘጋት አለበት፣ ከደመወዝሽ የሚቆረጠው ደግሞ ገና አላለቀም። እነሱ ይህን አያውቁም። በእነሱ አገር ጊዜያዊ ዲግሪ ሲባል ምን እንደሆነ ላይገባቸው ይችላል። ስለዚህ በሁለት መስመር አስረጂያቸው። ትምህርቱን መጨረስሽን፣ መውጫ ፈተናውን ማለፍሽን፣ ጊዜያዊው ማኅተም ያለው ሕጋዊ ማስረጃ መሆኑን ንገሪያቸው። ከዚያ ጊዜያዊውን ከኦፊሻል ትራንስክሪፕት ጋር ተቀብለው፣ ዋናውን ስትመዘገቢ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

ይህን የምልሽ ያየሁት ስላለ ነው። አንድ ልጅ ነሐሴ ውስጥ እያለቀሰ ቢሮዬ መጣ። ዋናውን ዲግሪ በሁለት ቀን ካላስገባህ ቦታህን እንሰርዛለን ብለውታል። በሁለት ቀን የማይሆን ነገር ነው። ደብዳቤውን ሳየው ጥያቄው ከሚያዝያ ጀምሮ ተጽፎ ነበር። እሱ ያኔ «ተቀብያለሁ» ብሎ ዝም ብሏል። በዚያው ዓመት እዚያው ትምህርት ቤት የገባች ሌላ ልጅ ቀድማ ጠይቃ በጊዜያዊው ሄዳለች።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር። ጁላይ 31 በእኛ ሐምሌ 24 ነው። «17:00» ያሉት በእነሱ ሰዓት ነው። በዚያ ወቅት በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ ስለዚህ ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት የመረጡልሽ ነው የሚመስለው።

ገንዘቡ። መያዣ 2,000 ፓውንድ እስከ ሰኔ 26 ይላሉ። ቪዛ ከተከለከልሽ ይመለሳል ብለው ጽፈዋል። የእንግሊዝኛው ሁኔታ ሳይሟላ ቢቀርስ? ደብዳቤው ላይ የለም። «የተመላሽ ደንባችንን ይመልከቱ» ብቻ ነው ያሉት። ደንቡን አውጥተሽ አንብቢ፣ ግልጽ ካልሆነ በጽሑፍ ይመልሱልሽ። አባትሽ ዕቁቡን ቀድሞ ሊያወጣ ተነስቶ ነበር፣ አስቀምጥ አልኩት። መልሱ ሳይመጣ አንድ ሳንቲም አይወጣም። የመጻፍ ውጤትሽ ከመያዣው ቀን በኋላ የሚደርስ ከሆነ፣ የመክፈያው ቀን ይራዘምልኝ ማለትም ነውር የለውም።

እምቢ የምትይው አንድ ነገር ነው። መልስ መስጫው ቅጽ መጨረሻ ላይ የ10 ሳምንት የእንግሊዝኛ ኮርስ የሚል ሳጥን አለ። ምልክት እንዳታደርጊበት። ጁላይ 6 ነው የሚጀምረው፣ ሰኔ 29 ማለት ነው። እስከዚያ ቪዛ አይደርስም፣ ክፍያውም ከመያዣው በላይ ነው። ግን «አልፈልግም» ብለሽ በሩን አትዝጊው። እንዲህ ያለው ኮርስ ርዝመቱ በጎደለሽ ነጥብ ልክ ነው፣ አንቺ ደግሞ የጎደለሽ ግማሽ ነጥብ ነው። የ10 ሳምንቱን እንደማትወስጂ ጻፊና፣ ፈተናው ባይሳካ አጠር ያለ፣ ዘግይቶ የሚጀምር ኮርስ አለ ወይ በይ።

የምታረጋግጪው ደግሞ አጭር ነው፦ የትምህርቱ ስም፣ ሙሉ ጊዜ መሆኑ፣ የሚጀምርበት ወር። እና ስምሽ! ፓስፖርትሽ ላይ Hiwot ነው፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ Hiywot ተብሏል። ደብዳቤውን የጻፉት በትራንስክሪፕቱ ነው። በፓስፖርቱ እንዲያስተካክሉት የፓስፖርቱን ቅጂ አያይዢ። ወይዘሪት ብለው በአያትሽ ስም መጥራታቸውን ግን ተያቸው፣ አያትሽ ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ሁሉንም በአንድ ኢሜይል ጻፊው፣ የማመልከቻ ቁጥርሽን ርዕሱ ላይ አድርጊ። ቅበላውን መቀበል እንደምትፈልጊ፣ ግን የጥያቄዎቹን መልስ እንደምትጠብቂ መጀመሪያ ላይ ይግባ። እስከ ሰኔ 8 ካልመለሱ ደግመሽ ጻፊ። ከሰኔ 12 በፊት ግን ቅጹን መሙላት አለብሽ፣ ዝም ካልሽ ቦታው ያልፍሻል። ቅጹን መሙላት እና መያዣ መክፈል ለየብቻ ናቸው፣ ውሉን አንብቢና ያለ ክፍያ መሙላት የሚቻል ከሆነ ሙዪው።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን እኔ ላስወጣልሽ እችላለሁ፣ ያለ ውክልና ግን አይሰጡኝም። እኔ ራሴ ስንቱን መልሻለሁ! ነገ አዳማ ካለው የሰነዶች ማረጋገጫ ውክልናውን አሠሪና ወደዚህ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። ስሜን እንደ መታወቂያዬ አስጽፊው።

እናትሽ