ጀርም ቢሸት ኖሮ፦ የጤና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የጤና ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ አተኩሮ ሠርቷል፤ ይኸውም ተማሪዎቻችን ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡና ምሳ ዕቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ማድረግ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን ሳለ «ዓመቱን ሙሉ እጅ መታጠብ ብቻ?» ብለው የጠየቁኝ ባልደረቦች ነበሩ። ጥያቄው እንደ ቀልድ ቢቀርብም እኔ በቁም ነገር ስለያዝኩት፣ መልሴን በዚህ መጽሔት ማቅረብ መርጫለሁ።

የተለመደውን በአጭሩ ልለፈው። ክበቡ በየሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተሰብስቧል፣ ቃለ ጉባኤ ይዟል፣ በሚኒ ሚዲያ ፕሮግራም አቅርቧል። ጥቅምት 5 ቀን የዓለም የእጅ መታጠብ ቀንን በሰልፍ ሰዓት በግጥምና በድራማ አክብረናል። በዕለቱ መድረኩ በፊኛ አጊጦ ነበር፤ ለፊኛው የወጣው ገንዘብ ለሳሙና ቢውል ምን ያህል ጊዜ ያቆየን እንደነበር ማንሳቴን አንባቢ በክፋት እንዳይቆጥርብኝ እለምናለሁ።

የዓመቱን ዕቅድ ያወጣሁት «የጤና እምነት ሞዴል» በሚባለው ንድፈ ሐሳብ ነው። ሞዴሉ የተጸነሰው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲሆን መነሻው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። የሳንባ ነቀርሳ የራጅ ምርመራ በነፃ፣ ያውም በተሽከርካሪ እስከ ሰፈር ድረስ እየቀረበ፣ ብዙ ሰው ለመመርመር አልመጣም። በሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤቱ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ከነዚህም ኧርዊን ሮዘንስቶክ አንዱ ነበር፣ ሰው ለጤናው አንድ እርምጃ ከመውሰዱ በፊት በልቡ የሚመዝናቸው ነገሮች እንዳሉ ተገነዘቡ፦ በሽታው እኔን ይይዘኛልን? ቢይዘኝስ ምን ያህል ይጎዳኛል? የምወስደው እርምጃ ይጠቅመኛልን? ጥቅሙስ ከድካሙና ከወጪው ይበልጣልን? ሰውየውን የሚያነሳሳ ቀስቃሽ ምልክትም ያስፈልጋል፤ «ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚለው እምነት ደግሞ ቆይቶ፣ በ1988 እ.ኤ.አ.፣ ተጨመረበት።

እኔ እንደ ብዙ መምህር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ ሮጥኩ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ስለ ተቅማጥና ስለ ወስፋት ትል አስተማርን፤ ሥዕል ለጠፍን፤ የትሉን ርዝመት በገመድ ለክተን አሳየን። ልጆቹ ጮኹ፣ ሳቁ፣ ከዚያም እጃቸውን ሳይታጠቡ ምሳቸውን በሉ። አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ሆድ ቁርጠት ማን ያልያዘው አለ?» ሲለኝ ስህተቴ ታየኝ። በሽታው እንደሚይዘው ልጁ አልተጠራጠረም። ሁሉንም የሚይዝና ሁሉንም የሚለቅ ነገር ግን ለእርሱ የሚፈራ ነገር አልነበረም።

ይህን በመጠይቅ ብቻ ብናጣራ ኖሮ አናውቀውም ነበር፤ በመጠይቁ ሁሉም ተማሪ ማለት ይቻላል «በሳሙና እታጠባለሁ» ብሎ ጽፏል። የክበቡ አባላት ባጅ አድርገውና ደብተር ይዘው መታጠቢያው አጠገብ ሲቆሙም ሁሉም ይታጠባል። ስለዚህ ሁለት አባላት በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት በኩል በእረፍት ሰዓት እንዲመለከቱ አደረግን፤ ውጤቱን ለመጻፍ አፍራለሁ። ከሁሉ በላይ እውነቱን የተናገረው ግን ሳሙናው ነበር። በመረብ ከረጢት አድርገን ያንጠለጠልነው አንድ ደረቅ ሳሙና በሦስት ሳምንት ውስጥ የላዩ ጽሑፍ እንኳ አልጠፋም። በአራተኛው ሳምንት ጠፋ፤ ከነመረቡ።

ከዚያ ወደ እንቅፋቱ ዞርን፤ የሒሳብ መምህራችንም እዚህ ላይ ረድተውናል። የእረፍት ሰዓታችን 15 ደቂቃ ነው። የሚሠሩት ቧንቧዎች ሁለት ሲሆኑ ያሉትም እንደምታውቁት በዋናው በር በኩል፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በግቢው ሌላ ጫፍ ነው። አንድ ልጅ በሳሙና ለመታጠብ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቢፈልግ፣ በአንድ ቧንቧ 30 ልጅ፣ በሁለቱ 60 ልጅ ይታጠባል። በፈረቃው ካሉት ተማሪዎቻችን ስንቱ እንደሚቀር ለአንባቢ እተዋለሁ። «እጃችሁን ታጠቡ» እያልን የምንቆጣው ልጅ፣ ተሰልፎ እረፍቱን ከሚጨርስ ኳሱን መምረጡ ስንፍና አልነበረም፤ በሞዴሉ ቋንቋ ጥቅሙንና ድካሙን በትክክል መዝኖ ነው።

አሁን ወደ መጋቢቱ ጉዞ ልምጣ። ሃያ የሚሆኑ አባላትን ይዤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ሄድን። ሥራችን ሰው ዓሣ ከመብላቱ በፊትና ከበላ በኋላ በእጁ ምን እንደሚያደርግ ማየትና መጻፍ ነበር። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው የዓሣ ሆድ ዕቃ እየጠበቁ በሰው መሐል ይንጎራደዳሉ፤ ጎረምሶቹ ቆሮሶውን እየገፈፉ በላስቲክ ላይ ይደረድራሉ፤ ጥሬውን በዳጣ የሚበላውም የዓሣ ሾርባ የሚጠጣውም ተደባልቆ ተቀምጧል። ልጆቹ መጀመሪያ ሥራቸውን ረስተው ወፎቹን ሲያዩ ቆዩ፤ እኔም አልከለከልኳቸውም።

ከአባላቱ አንዷ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስሟን እንዳልጽፍ ራሷ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ደብተሯን በሁለት ከፍላ «በፊት» እና «በኋላ» ብላ ጽፋለች። «በፊት» በሚለው ሥር ሰዎቹ በሾርባ ሻጯ ጆግ እጃቸውን በውሃ ለቅለቅ ሲያደርጉ መዝግባለች፤ «በኋላ» በሚለው ሥር ግን ሳሙና፣ ሎሚ፣ እንደገና ሳሙና። በልተው ለተነሡ አንድ ሽማግሌ ተጠግታ «አባባ፣ ለምንድነው ከበሉ በኋላ በሳሙና የሚታጠቡት?» አለቻቸው። እርሳቸውም እጃቸውን እያሸተቱ «ታዲያ ልጄ፣ ሽታውን ይዤ ቤት ልግባ?» ብለው ሳቁ። ልጅቷ ይህን ጽፋ ዝም አለች። ስንመለስ በሐይቁ ዳር አጠገቤ እየሄደች፣ ፊቷን ወደ ውሃው እንዳዞረች፣ «ቲቸር፣ ጀርም ቢሸት ኖሮ ሁላችንም እንታጠብ ነበር» አለችኝ። ከመስከረም ጀምሬ በሥዕልና በገመድ ለማስረዳት የደከምኩበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፤ ለጥቂት ጊዜ መልስ አጥቼ ነበር።

በቀጣዩ ሐሙስ ይህን ሐሳቧን ወደ ሙከራ ለወጥነው። ሁለት ተማሪዎች እጃቸውን በጥሬ ዓሣ አሹ፤ አንዱ በውሃ ብቻ፣ ሌላው በሳሙና ታጠበ፤ ዓይኑን በነጠላ የተሸፈነ ሦስተኛ ተማሪ አሽትቶ እንዲለይ ተደረገ። በውሃ ብቻ የታጠበውን እጅ ገና ሳይጠጉት ነው የለየው። ሙከራውን በየክፍሉ ደገምነው፤ የልጆቹ ፊት ሲኮሳተር ማየት ከሥዕሎቼ ሁሉ የበለጠ ሠርቷል። ሽታ መጥፋቱ ጀርም ለመጥፋቱ ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ ጀርም ያለበት እጅም ላይሸት እንደሚችል ለልጆቹ መንገር ግን ግዴታችን ስለነበር ነግረናቸዋል።

ሆኖም ስሜቱ በማግስቱ እንዳይበርድ ማድረግ ነበረብን፤ የጤና እምነት ሞዴል ድክመትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሞዴሉ የተሠራው ሰው አንድ ቀን ወስኖ ለሚያደርገው ነገር፣ ለራጅ ነው። እጅ መታጠብ ግን በቀን ብዙ ጊዜ፣ ሳያስቡ የሚደረግ ልማድ ነው። ስለዚህ በባንግላዴሽ ትምህርት ቤቶች የተሠራን ነገር ቀዳን። በዚያ ከመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ እስከ መታጠቢያው መንገድ ሠርተው የእግር ኮቴ፣ በመታጠቢያውም ላይ የእጅ መዳፍ ቀለም ቀቡ፤ ከመጸዳጃ ሲወጡ በሳሙና የሚታጠቡት ልጆች ከ4 በመቶ ወደ 68 በመቶ በአንድ ጊዜ ዘለሉ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም 74 በመቶ ሆኑ። የተጨመረ ስብከት አልነበረም። እኛም ከአጥሩ የተረፈውን ቢጫ ቀለም ተጠቅመን የአንደኛ ክፍል ልጆችን ኮቴ በሲሚንቶው ላይ ሣልን።

መታጠቢያውንም ወደ መጸዳጃ ቤቱ አመጣነው። ስምንት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካኖችን በእንጨት ላይ ሰቅለን፣ በገመድ ከእግር መርገጫ ጋር አሠርናቸው፤ ልጁ ሲረግጥ ጄሪካኑ ያጎነብሳል፣ ውሃውም በቀጭኑ ይወርዳል። ከሁለቱ ቧንቧዎች ጋር ሲደመር በአንድ እረፍት 300 ልጅ ሊታጠብ ይችላል ማለት ነው። ደረቅ ሳሙና ስለሚጠፋ በ1.5 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ 30 ግራም ያህል የዱቄት ሳሙና በውሃ በጥብጠን፣ ክዳኑን በምስማር በስተን አንጠለጠልን። የሳሙና ውሃ የሚሰርቅ የለም። በጠርሙሱ ላይ በማርከር መስመር አስምረን በየቀኑ ምን ያህል እንደጎደለ ስለምንመዘግብም ቆሞ የሚጠብቅ ተመልካች አላስፈለገንም።

መጀመሪያ ላይ ተሸውደናል። በአንድ እረፍት ሦስት ጠርሙስ ሲያልቅ ተደስተን ሪፖርት ልንጽፍ ስንል፣ የ7ኛ ክፍል ግድግዳ በአረፋ ተነክሮ አገኘነው። ቀዳዳውን ካጠበብነው ወዲህ አንድ ጠርሙስ ሁለት ቀን ይቆያል። የ8ኛ ክፍል ወንዶች መታጠቢያውን «የሕፃናት» ብለው ለረጅም ጊዜ ርቀውት ነበር፤ የእግር ኳስ ቡድኑ አምበል ከልምምድ በኋላ ተጫዋቾቹን እየመራ መታጠብ ሲጀምር ግን ንግግር ሳያስፈልግ መጡ። ሰው የሚያከብራቸው ሰዎች የሚያደርጉትን ይመዝናል የሚለው የሥነ ልቦና ባለሙያው የአይዘን ንድፈ ሐሳብ ይህን ያብራራዋል፤ እኔ ግን አስቀድሜ ስላላሰብኩበት ምስጋናው የአምበሉ ነው።

ያልተሳካውም አለ። ጄሪካኖቹን የሚሞሉት የክበቡ ልጆች ናቸው፤ በፈተና ሳምንት ሁለት ጊዜ ባዶ ውለዋል፤ ባዶ በዋሉ ማግስት የሳሙናው ፍጆታ በግማሽ ወርዶ ነበር። ቧንቧው ወደ መጸዳጃ ቤቱ እንዲዘረጋ በኅዳር ያስገባነው ደብዳቤ፣ ይህን እስክጽፍ ድረስ «በሂደት ላይ» ነው። ርቀቱን ራሳችን ለክተናል፤ ቧንቧው ቢገዛ ቦዩን የሚቆፍሩ ወላጆችም አሉ።

ለወላጆችና ለቀድሞ ተማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ስምንቱ ጠርሙሶች በአንድ ጊዜ 240 ግራም የዱቄት ሳሙና ይወስዳሉ፤ በየሁለት የትምህርት ቀኑ ሲሞሉ በወር ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይሆናል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገን አንድ ጋሎን የመንገድ ቀለም ነው፤ የአጥሩ ቀለም የሲሚንቶ ስላልነበረ የግንቦት ዝናብ ከኮቴዎቹ አብዛኞቹን አጥቧቸዋል። ጄሪካኖቹ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። በጳጉሜን ኮቴዎቹን እንደገና ለመሣል ስድስት ልጆች ተመዝግበዋል፤ ዝርዝሩን የያዘችው ያቺ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ናት።