የሂሳብ ክበብ ዘገባ፦ 0.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት የት ገባ?

ዘንድሮ የሂሳብ ክበባችን አብዛኛውን ጊዜ የተገናኘው ክፍል ውስጥ አይደለም። ጉድጓድ ዳር ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢው ውስጥ ጣሪያ ያለው የማንበቢያ ቦታ ሊያሠራ መሆኑን ስንሰማ፣ የሚፈጀውን ኮንክሪት እኛ እናስላው ብለን ጠየቅን። ፎርማኑ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ የፕላኑን ኮፒ ሰጠንና «ሂዱ ሥሩት፣ እኔ አየዋለሁ» አለ።

ሥራው ትንሽ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጡ ስድስት የመሠረት ፉቲንግ፣ በላያቸው የሚቆሙ ስድስት ኮለን፣ ከዚያ አንድ የወለል ስላብ። ርዝመት በወርድ በውፍረት ማባዛት ማን ያቅተዋል? እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት፣ ሁለት ሳምንት ይበቃናል ብዬ። ዓመቱን ሙሉ ቆየንበት።

የመጀመሪያው ቀን ስህተት የታወቀው ነው። አንድ ልጅ ወለሉን 8 × 5 × 10 ብሎ 400 ሜትር ኩብ አመጣ። ወለሉ 8 ሜትር በ5 ሜትር ነው፣ ውፍረቱ ግን 10 ሳንቲ ሜትር። 8 ሜትር ኩብ በሚጭን የኮንክሪት መኪና ቢመጣ 50 ምልልስ ማለት ነው። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ከማባዛቱ በፊት ሁሉንም ወደ ሜትር መቀየር ግዴታ ሆነ። 10 ሳንቲ ሜትር 0.10 ነው፣ መልሱም 4.0 ሜትር ኩብ። ይሄ አለቀ።

ፉቲንጉ ላይ ግን ተጣላን። የታችኛው ክፍል ቀላል ነው፣ 1.20 በ1.20 ሆኖ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሳጥን፣ 0.288 ሜትር ኩብ። ከዚያ በላይ ያለው 30 ሳንቲ ሜትር ግን አራቱም ጎኑ እየጠበበ ሄዶ አናቱ ላይ 0.40 በ0.40 ይሆናል። ጫፉ የተቆረጠ ፒራሚድ ነው። ልጆቹ በሦስት ቡድን ሠሩት፣ ሦስት መልስ ይዘው መጡ።

አንደኛው ቡድን የጎኖቹን አማካይ ወሰደ። ከ1.20 እና ከ0.40 መሀል 0.80 ነው፣ ስለዚህ 0.80 × 0.80 × 0.30 = 0.192። ሁለተኛው የስፋቶቹን አማካይ ወሰደ። የታችኛው ስፋት 1.44፣ የላይኛው 0.16፣ አማካዩ 0.80፣ በ0.30 ሲባዛ 0.240። ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ቀመሩን የምታውቅ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ነበረች።

```
V = h/3 × (A1 + A2 + √(A1 × A2))
V = 0.30/3 × (1.44 + 0.16 + 0.48) = 0.208
```

የሷ ትክክል ነው አልኩና ልቀጥል ስል አንዱ «ቲቸር፣ ቀመሩ ስላለ ብቻ ነው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ የሚያናድድም ቢሆን። በሚቀጥለው ሳምንት ከካርቶን በአስር እጥፍ ያነሰ ሞዴል ቆርጠን በማጣበቂያ ቴፕ አያያዝነው፣ አፉ 12 በ12 ሳንቲ ሜትር፣ መቀመጫው 4 በ4፣ ቁመቱ 3። ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርገን ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ሞላንበት፣ አፉን በማስመሪያ ጠረግነው፣ ከዚያ ወደ ላብራቶሪው መለኪያ ሲሊንደር ገለበጥነው። ሞዴሉ በሦስቱም አቅጣጫ አስር እጥፍ ስላነሰ 0.208 ሜትር ኩብ የነበረው 208 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ሲሊንደሩ 210 አካባቢ አሳየ። 192ም አይደለም፣ 240ም አይደለም። ከሲሊንደሩ ፊት ተደፍተው ሲያነቡ የነበሩት ልጆች ከዚያ ወዲህ ቀመሩን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ልዩነቱ ያን ያህል ነው ወይ ለሚል፣ ስፋት አማክሎ የሠራው ቡድን በአንድ ፉቲንግ 0.032 ነው ያበዛው። ስድስቱ ላይ 0.192 ይሆናል። ያን ያህል አያስደነግጥም። ፉቲንጉ መቶ ቢሆን ግን 3.2 ሜትር ኩብ ነው። የኛ ትክክለኛ መልስ ለአንዱ 0.288 + 0.208 = 0.496፣ ለስድስቱ 2.976 ሆነ።

ኮለኑ ላይ ያስቸገረው ቅርጹ አይደለም። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከዚህ የቀለለ የለም። ያስቸገረው ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። የፉቲንጉ መቀመጫ ከወለሉ 1.50 ሜትር በታች ነው፣ የኮለኑ አናት ከወለሉ 2.60 በላይ። ብዙዎቹ ሁለቱን ደምረው 4.10 ብለው ጻፉ። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ለሚያይ ሰው እውነት ይመስላል፣ የኮለኑ ፌሮ ከጉድጓዱ ወለል ጀምሮ ቀጥ ብሎ ቆሟልና። ፌሮው እዚያ ድረስ ይውረድ እንጂ የታችኛው 50 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት በፉቲንጉ ሂሳብ ውስጥ ተቆጥሯል። ኮለኑ የሚጀምረው ከፉቲንጉ አናት ነው። ስለዚህ ቁመቱ 3.60፣ አንዱ 0.324፣ ስድስቱ 1.944 ሜትር ኩብ። በ4.10 ቢሠራ ኖሮ 0.27 ሜትር ኩብ ሁለት ጊዜ እንቆጥር ነበር። ይህን ለማስወገድ ልጆቹ የራሳቸውን ዘዴ አወጡ፣ ፕላኑ ላይ የተቆጠረውን ክፍል ሁሉ በእርሳስ መቀባት። የተቀባ ላይ ደግሞ መቀባት ክልክል ነው።

(ፌሮው የሚይዘው ቦታ አይቀነስም ወይ ተብዬ ነበር። በተለምዶ አይቀነስም። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 80 ኪሎ ፌሮ አለ ብንል፣ የብረት ጥግግት በሜትር ኩብ 7850 ኪሎ ስለሆነ የሚይዘው ቦታ 0.01 ሜትር ኩብ፣ አንድ ከመቶ ነው። ሲፈስ የሚባክነው ከዚያ ይበልጣል።)

እስከዚህ ድረስ ፎርማኑ ቁጥራችንን እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ፉቲንጉም ኮለኑም በሂሳባችን መሠረት ተሞሉ። ከዚያ ወለሉ መጣ፣ ከሁሉም ቀላሉ። 4.0 ሜትር ኩብ፣ ለብክነት 5 ከመቶ ጨምረን 4.2። ውህዱ 1 ለ2 ለ3 ነበር። ደረቁ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ሲደባለቅ አሸዋው በጠጠሩ መሀል፣ ሲሚንቶው በአሸዋው መሀል ስለሚገባ መጠኑ ያንሳል፣ ስለዚህ ለ1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ወደ 1.54 ሜትር ኩብ ደረቅ ይያዛል። ከዚያ ውስጥ ሲሚንቶው አንድ ስድስተኛ ነው፣ ወደ 370 ኪሎ፣ ማለትም 7.4 ከረጢት። ለ4.2 ሜትር ኩብ 31 ከረጢት። 31 ከረጢት አስመጣን።

ፎርማኑ አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። «መምህር፣ ሃርድ ኮሩን አይታችሁታል?» አለኝ፣ ከወለሉ ሥር የተደለደለውን ድንጋይ ማለቱ ነው። «ፕላኑ 10 ሳንቲ ይላል» አልኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሙሌቱ ከጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ላይ 31ኛው ከረጢት አለቀ። ወለሉ ግን አላለቀም። በአንደኛው ጫፍ 5 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ባዶ ቀረ። ፎርማኑ ምንም አላለኝም፣ እሱ ነው የባሰው። ኮንክሪቱ ወደ ጫፉ እየሳሳ እንዳይቀር ቀጥ ያለ ጣውላ አቁሞ ቆረጠው፣ የቀረው ለነገ አለ።

ልጆቹ ሊቃጠሉ ነው። ሂሳባችን የት ተሳሳተ? የዚያን ዕለት ከሠራነው ሁሉ የምወደው ይሄን ነው፣ ማባዛቱን ትተው ወደ ኋላ አካፈሉ። የተሞላው ቦታ 7.30 በ5 ነው፣ 36.5 ካሬ ሜትር። የገባው 4.2 ሜትር ኩብ። 4.2ን ለ36.5 ስናካፍል 0.115 መጣ። ወለሉ በአማካይ 11.5 ሳንቲ ሜትር ወፍሯል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ መሬት ላይ የፈሰሰውና ሚክሰሩ ላይ የቀረው ይቀነሳል፣ የሆነ ሆኖ 10 አይደለም።

ባዶ የቀረው ቦታ ምስክር ሆነ። ከካሳፎርማው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሲባጎ ወጠርንና በ15 ቦታ ከሲባጎው ሃርድ ኮሩ ላይ እስከተነጠፈው ፕላስቲክ ድረስ ለካን። አንዱ ቦታ 10፣ ሌላው 11፣ ሁለት ድንጋይ መሀል የጎደጎደው ጋ 13.5። አማካዩ 11.5። ሃርድ ኮሩ ላይ ማስተካከያ ጠጠር በደንብ አልተበተነም ነበር። ከላይ ወለሉ በውሃ ልክ ልክ ነው፣ ከታች ግን ተራራና ሸለቆ ነው። ፕላኑ የሚያውቀው የላዩን ብቻ ነው።

1.5 ሳንቲ ሜትር ይህን ያህል ጉድ ይሠራል ወይ ላለው ልጅ ሰሌዳ ላይ እንዲህ አሳየሁት። የወለሉን ርዝመት ስንለካ በ1 ሳንቲ ሜትር ብንሳሳት፣ 0.01 × 5 × 0.10፣ ማለትም 0.005 ሜትር ኩብ ነው የሚጎድለን። አምስት ሊትር፣ ባልዲ አይሞላም። ውፍረቱን በዚያው 1 ሳንቲ ሜትር ብንሳሳት ግን 8 × 5 × 0.01፣ 0.4 ሜትር ኩብ። ሰማንያ እጥፍ። እኛ ደግሞ ርዝመቱን ሦስት ጊዜ ለክተናል፣ ውፍረቱን አንዴም አልለካንም፣ ከወረቀት ነው የገለበጥነው። ፉቲንግና ኮለን ላይ ይሄ ነገር ያልመጣብን ትንሹ ልኬታቸውም 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር ስለሆነና ኮለኑን ካሳፎርማው በአራቱም ጎን ስለያዘልን ነው። ስላብን ከታች የሚይዘው መሬት ነው። 5 ከመቶ የምንለው ጭማሪም ለፈሰሰውና ለተረፈው እንጂ 15 ከመቶ ለወፈረ ወለል አይበቃም።

ለማግስቱ ልጆቹ ራሳቸው አሰሉ። 5 × 0.70 × 0.115፣ 0.4025 ሜትር ኩብ። በ7.4 ሲባዛ 2.98። ሦስት ከረጢት አሉ። እኔ አራት አስመጣሁ፣ ከአንዴ በላይ መዋረድ አልፈለግሁም። የትናንቱን የተቆረጠ ጠርዝ ሠራተኞቹ ልስላሴውን በመዶሻ አሻክረው፣ አቧራውን ጠርገው አረጠቡትና ሙሌቱ ቀጠለ። ሦስተኛው ከረጢት ሲያልቅ ጥጉ ላይ ያለው ጣውላ ጋ ደረሰ። ሚክሰሩ ውስጥ ሁለት አካፋ የሚሆን ቀረ።

አራተኛው ከረጢት የክበቡ ክፍል ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። በላዩ አንዱ በማርከር «ሃርድ ኮሩን አይታችሁታል?» ብሎ ጽፎበታል። ማን እንደጻፈው ጠርጥሬያለሁ።