የገንዘብ ሚኒስቴር የገንዘብ ፖሊሲ አያወጣም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ኑሮ ውድነት በሚጻፉ ዜናዎችና አስተያየቶች ውስጥ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይታያል። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ሲወጣ «ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ ከገበያ ሰበሰበ» ይባላል። ባንኩ ወለድ ሲወስን ደግሞ የመንግሥት ወጪ የተቀነሰ ያህል ይወራል። ለዚህ ስህተት አማርኛችንም ትንሽ ድርሻ አለው። «የገንዘብ ፖሊሲ» የሚባለው የብሔራዊ ባንክ ሥራ ነው፤ በስሙ «ገንዘብ» ያለበት ሚኒስቴር የሚመራው ግን የፊስካል ፖሊሲውን፣ ማለትም ግብርን፣ በጀትንና የመንግሥትን ብድር ነው።

ማን ምን እንደሚወስን በአጭሩ ላስቀምጥ። በጀቱን የገንዘብ ሚኒስቴር ያዘጋጃል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየዋል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ግብርም እንዲሁ ነው። ከደመወዝ ላይ ግብር የማይከፈልበት ወለል ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ምክር ቤቱ ባጸደቀው ማሻሻያ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ በዚህ ላይ ድምፅ የለውም። በአንጻሩ ባንኮች ከተቀማጭ ስንት በመቶውን በመጠባበቂያ እንዲይዙ፣ ወለድ ስንት እንዲሆን፣ ብድር በዓመት ምን ያህል እንዲያድግ የሚወስነው ብሔራዊ ባንክ ነው። ሚኒስቴሩ ዘወትር የሚያስጨንቀው «ይህን ወጪ በምን እከፍላለሁ?» የሚለው ነው። ባንኩን የሚያሳስበው ደግሞ «ይህ ብር ገበያ ሲገባ ዋጋ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሁልጊዜ አይስማሙም።

ግራ የሚያጋባው ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ከእነዚሁ ንግድ ባንኮች ጋር መገበያየታቸው ነው፤ የሚኒስቴሩን ጨረታ የሚያካሂድለትም ብሔራዊ ባንክ ራሱ ነው። እዚህ ላይ የብሔራዊ ባንክ ድርሻ የወኪል እንጂ የተበዳሪ አይደለም። ልዩነቱን ለማየት የብሩን ጉዞ መከተል ይበቃል። ለምሳሌ ያህል፣ ንግድ ባንኮች ሁሉ ተደምረው በብሔራዊ ባንክ ባላቸው ሂሳብ 10 ቢሊዮን ብር አለ እንበል።

በመጀመሪያ መንግሥት 2 ቢሊዮን ብር በግምጃ ቤት ሰነድ ተበደረ። ሰነዱ በቅናሽ ይሸጥና ጊዜው ሲደርስ ሙሉ ዋጋው ይከፈላል። የ364 ቀኑን ባለ 100 ብር ሰነድ በ87 ብር የገዛ ባንክ 13 ብር ያተርፋል፤ ይህም ባወጣው ገንዘብ ላይ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ነው። ሽያጩ በተፈጸመ ዕለት የባንኮች ሂሳብ ወደ 8 ቢሊዮን ይወርዳል። ነገር ግን መንግሥት የተበደረው ሊያስቀምጠው አይደለም። ለመምህር ደመወዝ፣ ለመንገድ ተቋራጭ፣ ለማዳበሪያ ይከፍለዋል፤ ተከፋዮቹም ብሩን በባንክ ሂሳባቸው ይቀበላሉ። በሳምንታት ውስጥ የባንኮቹ ሂሳብ ተመልሶ 10 ቢሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ከገበያ የተሰበሰበ ገንዘብ የለም፤ የሚያወጣው እጅ ብቻ ነው የተለወጠው።

አሁን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ራሱ በክፍት ገበያ ጨረታ ያንኑ 2 ቢሊዮን ለ14 ቀን ወሰደ እንበል። የባንኮች ሂሳብ እንደ ቅድሙ ወደ 8 ቢሊዮን ይወርዳል፤ ያ ብር ግን በብሔራዊ ባንክ ዘንድ ተኝቶ ይቆያል፤ ማንም ደመወዝ አይከፍልበትም። በ15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ሲሰላ ለ14 ቀኑ 11.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ለባንኮቹ ይከፈላል። ይህ ነው የገንዘብ ፖሊሲ። ወጪው የብሔራዊ ባንክ ነው፤ ባንኩ በከፈለው መጠን ለመንግሥት ካዝና የሚያስገባው ትርፍ ይቀንሳል። ሁለቱ ፖሊሲዎች በዚህ በኩል ደግሞ ይነካካሉ።

ሦስተኛው መንገድ በጣም የሚያስፈራው ነው። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ 2 ቢሊዮን ቢበደር የማንም ባንክ ሂሳብ አይቀንስም። ባንኩ የመንግሥትን ሂሳብ ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ በቃ። መንግሥት ሲከፍልበት የባንኮች ሂሳብ 12 ቢሊዮን ይሆናል፤ እነሱም በተጨመረው ላይ ተመርኩዘው ደግመው ያበድራሉ። ሰው «ብር ታተመ» የሚለው ይህንን ነው፤ አንዲት ኖት እንኳ ማተሚያ ቤት ሳትገባ ሊሆን ይችላል። መነሻው የበጀት ጉድለት ነው፤ ዋጋ አረጋጋ የሚባለው ግን ብሔራዊ ባንክ ነው። በ2017 የወጣው የባንኩ ማቋቋሚያ አዋጅ ለዚህ ብድር ጣሪያና የመመለሻ ጊዜ ያበጀለት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ፖሊሲዎች በተለያየ አቅጣጫ ሲጓዙ ምን እንደሚሆን ያለፉትን ዓመታት ማየት ይበቃል። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከለከለ። ሐምሌ 2016 ላይ ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆነውን የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ አደረገ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ባንኩ ልጓሙን አጥብቆ በያዘበት በዚያው በጀት ዓመት፣ ኅዳር 2017 ላይ ምክር ቤቱ በ971.2 ቢሊዮኑ በጀት ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ይህን ስል ተጨማሪው በጀት ያለ ምክንያት የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ብር ሲዳከም የውጭ ዕዳ ክፍያ በብር ሲሰላ ያብጣል፤ የነዳጅና የማዳበሪያ ድጎማም እንደዚያው። የምንዛሪው ውሳኔ ያመጣውን ሂሳብ የከፈለው በጀቱ ነው።

የብድር ጣሪያው ጫና በማን ላይ እንዳረፈም ልብ ይሏል። ጣሪያው የታሰረው በብድር ላይ ነው። ለነጋዴ ማበደር ያልቻለ ባንክ ትርፍ ገንዘቡን ይዞ ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ መሄድ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ለማረጋጋት የወጣው መመሪያ ለመንግሥት ብድር ገበያ ሲያሰፋ የሥራ ማስኬጃ ብድር የሚፈልገው አስመጪና ፋብሪካ ወረፋ ያዘ። ብሔራዊ ባንክ ሌላ ምርጫ ነበረው ወይ የሚለው ያከራክራል፤ በእኔ ግምት የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ገና ባልጠነከረበት ጊዜ ወለድ ብቻውን ብዙ አይሠራም ነበር።

የወለድ አቅምም ወሰን አለው። የነዳጅ ድጎማ ሲነሳ የታክሲና የጭነት ዋጋ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ይህ የፊስካል ውሳኔ ውጤት ነው፤ የፖሊሲ ወለድ 15 ይሁን 20 ናፍጣን አያረክሰውም። ባንኩ ማድረግ የሚችለው ያ ጭማሪ ወር በወር ወደ ሌላው ዕቃ እየተሸጋገረ እንዳይቀጥል ማገድ ነው።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ ዘጋቢዎች የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የጨረታ ዜና ስትጽፉ ተበዳሪው ማን እንደሆነ ግለጹልን፤ የገንዘብ ሚኒስቴር ነው ወይስ ብሔራዊ ባንክ? የመንግሥት ዕዳ ጨመረ ስትሉም የሚኒስቴሩን የዕዳ መግለጫ ክፈቱ። የአገር ውስጥ ዕዳው እዚያ በቀጥታ ብድር፣ በግምጃ ቤት ሰነድና በቦንድ ተለይቶ ይቀመጣል። ጠቅላላ ድምሩ ሳይለወጥ ከቀጥታ ብድር ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ የዞረ ከሆነ ለዋጋ ንረት ያለው ትርጉም ሌላ ነው፤ ርዕሳችሁም ሌላ መሆን አለበት።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ