የስፖርት ሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከአሎሎ ወርዋሪዋ ላይ 161 ለምን ይቀነሳል?

ክበባችን እንደ ወትሮው በዓመቱ መጀመሪያ ሰብሳቢና ጸሐፊ መርጦ፣ መደበኛ ስብሰባዎቹን አካሂዶ፣ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ጽሑፎችን አውጥቷል። «ሚዛን ላይ ከመውጣት ሌላ ምን ይሠራሉ?» ለሚሉ ባልደረቦቼ ግን ዘንድሮ የሠራነውን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት እወዳለሁ።

የዓመቱ ሥራችን አንድ ሰው ሙሉ ዕረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያቃጥለውን ኃይል፣ ማለትም መሠረታዊውን የሜታቦሊዝም መጠን፣ በስሌት መገመት ነበር። የጀመርነው በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣውና በስፋት በሚሠራበት የሚፍሊን–ሴንት ጂዮር ቀመር ነው። ክብደት በኪሎ ግራም በ10፣ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ይባዛና ይደመራል፤ ከዚያ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ በመጨረሻም ለወንድ 5 ይጨመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል።

ከክፍል ወጥተን በሩጫ ሜዳው ዳር መለኪያዎቻችንን በዘረጋንበት ዕለት፣ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝነው፣ 165 ሴንቲ ሜትር የምትረዝመውና 19 ዓመት የሞላት አሎሎ ወርዋሪያችን በዚህ ስሌት 1,475 ኪሎ ካሎሪ ደረሳት። ወረቀቱን አይታ «መምህር፣ ይህ 161 ከእኔ ላይ የሚቀነሰው ስለ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። በመምህርነት ዘመኔ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች መካከል እንደዚህ ያስደሰተኝ ጥቂት ነው፤ የቀመሩን ድካም ያገኘችው ራሷ ነበረችና።

ክብደትን መነሻ ያደረገ ቀመር አንድ ኪሎ ጡንቻንና አንድ ኪሎ ስብን ለይቶ አያያቸውም፤ ሁለቱንም በ10 ያባዛል። ዕረፍት ላይ ያለ ጡንቻ ግን በኪሎ ወደ 13 ኪሎ ካሎሪ በቀን ሲያቃጥል፣ ስብ ከ5 በታች ነው የሚያቃጥለው። 161ዱም የሚቀነሰው በተመሳሳይ ክብደትና ቁመት የሴቶች ሰውነት በአማካይ ብዙ ስብና ጥቂት ጡንቻ ስለሚይዝ ነው፤ አማካዩ ደግሞ ለዓመታት ብረት ስታነሳ የኖረችን ልጅ አይወክልም።

ስለዚህ ወደ ካች–ማካርድል ቀመር ዞርን። ይህኛው ፆታም ሆነ ቁመት አይጠይቅም፤ ከስብ ውጭ ያለውን የሰውነት ክብደት በ21.6 አባዝቶ 370 ይጨምርበታል። የሴቶች ስፖርት መምህርታችን የተማሪዋን የቆዳ እጥፋት በክንዷ ጀርባ፣ ከዳሌ አጥንቷ በላይና በጭኗ ላይ ለክተው የስብ ድርሻዋን 18 በመቶ አገኙት። ስብ 12.6 ኪሎ ሲሆን የቀረው 57.4 ኪሎ ነው፤ ውጤቱም 1,610 ኪሎ ካሎሪ ሆነ። ልዩነቱ 135 ነው፤ በልምምድ ወቅት የምታወጣውን ለማካተት በ1.7 ሲባዛ ደግሞ በቀን ወደ 230 ይደርሳል። በመጀመሪያው ቁጥር ምግቧን ብትመጥን ኖሮ፣ ሳታውቀው በየቀኑ ይህን ያህል በጎደላት ነበር። በአንጻሩ ክብደቷ፣ ቁመቷና ዕድሜዋ ተመሳሳይ የሆነ፣ የስብ ድርሻዋ ግን 34 በመቶ የሆነ ሴት በወረቀት ላይ ብናስብ፣ ሚፍሊን ለእሷም ያንኑ 1,475 ሲሰጥ ካች–ማካርድል 1,368 ይሰጣል።

አባላቱ ቀመሩን እንዲያመልኩት አልፈለግሁም። 21.6 የተባለው ቁጥር የጡንቻ ብቻ አይደለም፤ በኪሎ እጅግ ብዙ የሚያቃጥሉት ጉበት፣ አንጎል፣ ልብና ኩላሊትም ከስብ ውጭ ባለው ክብደት ውስጥ አሉ። ጡንቻ ሲገዝፍ እነዚህ በዚያው ልክ አይገዝፉምና፣ እጅግ በፈረጠመ ሰው ላይ ቀመሩ ከፍ አድርጎ ሊገምት ይችላል።

ትልቁ ችግራችን ግን መለኪያው ነበር። የቆዳ እጥፋት የምንለካበት ካሊፐር ስፕሪንጉ የላላ ፕላስቲክ በመሆኑ አንዱን እጥፋት በደጋገምን ቁጥር የተለያየ ንባብ ሰጠን፤ የመጀመሪያውን ዙር ልኬት በሙሉ ጣልነው። የአሎሎ ወርዋሪዋ የስብ ድርሻ በ4 የመቶኛ ነጥብ ቢሳሳት ውጤቷ በ60 ኪሎ ካሎሪ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ያገኘነው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ልኬቱን ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንዲወስድ፣ ከልምምድ በፊት እንዲሆን፣ ንባቡም ተደጋግሞ አማካዩ እንዲያዝ ወሰንን። የማንም ውጤት በግድግዳ ጋዜጣው ላይ እንዳይወጣም ተስማማን።

ለማልያ በየዓመቱ በጀት የማይጠፋ ከሆነ፣ ቋሚ ግፊት ላለው አንድ የብረት ካሊፐር እንዲህ መቸገራችን ይገርመኛል። እሱና የማይንቀሳቀስ የቁመት መለኪያ ከተሟሉልን፣ በሚቀጥለው ዓመት የወርዋሪዎቹንና የሯጮቹን ልኬት በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ወስደን ክብደታቸው ሳይለወጥ ከስብ ውጭ ያለው ክፍል መለወጡን ለማየት አቅደናል።