የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ወረቀቱን ይዞ መጽሐፉን ፍለጋ

ዘንድሮ ክበባችን የግጥም ምሽት አዘጋጅቷል፤ መጻሕፍትም አሰባስቧል። እሱን ፎቶዎቹ ይናገሩ። ብዙ የለፋንበት ግን ሌላ ነው፤ ምንጭ አጠቃቀስ።

በተማሪዎቹ ጽሑፍ ግርጌ «ምንጭ፦ ጎግል» የሚል እናይ ነበር። «ማን ነገረህ?» ሲባሉ «ስልኬ» ብሎ እንደመመለስ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ልምምድ ሌላ መምህርም ሊሞክረው ስለሚችል እነሆ። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቤተ መጻሕፍት ይገባሉ። እያንዳንዱ ከአንድ መጽሐፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመርጣል። በብጣሽ ወረቀት ላይ ዓረፍተ ነገሩን፣ የጸሐፊውን ስም፣ የታተመበትን ዓመት፣ ርዕሱን፣ አሳታሚውንና ገጹን ይጽፋል። መጽሐፉን ቦታው ይመልስና ከጓደኛው ጋር ወረቀት ይለዋወጣል። ጓደኛው ምንም ሳይጠይቅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን ማግኘት አለበት። ካጣው የሚታረመው ወረቀቱ ነው።

አንዷ ልጅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መረጠች። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የአባት ስም እንደሚቀድም ተምራለችና «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ፣ 1958» ብላ ጻፈች። ጓደኛዋ «ዐ» የሚጀምሩትን መደርደሪያዎች አመሳቸው፤ የለም። መጽሐፉ «ሀ» ጋ ነበር። የእኛ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለምና ጸሐፊውን በራሱ ስም እንጠራዋለን፦ ሀዲስ ዓለማየሁ። የውጭ አገር ጸሐፊ ሲሆን ግን የቤተሰብ ስሙ ይቅደም።

ዓመቱም ጣጣ አለው። 1958 ብቻውን ሲቆም አንባቢ የፈረንጅ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ «ዓ.ም.» ይጨመርበት። ወደ እ.ኤ.አ. እንቀይረው ካሉ 1965 ወይም 1966 ነው። መስከረም ላይ ከታተመ ሰባት፣ የካቲት ላይ ከታተመ ስምንት ይደመራል። መጽሐፍ ላይ ወሩ ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ፣ ሳይቀይሩ እንደታተመ መተው ይሻላል።

ሌላው የሚያሳስተው ማተሚያ ቤቱ ነው። ከርዕስ ገጹ ጀርባ «ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት» ሲያዩ አሳታሚ ብለው ይመዘግቡታል። እሱ ያተመው ነው፤ አሳታሚ ወጪውን ችሎ ያወጣው ነው። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍትን ደራሲው ራሱ ስለሚያሳትም የአሳታሚ ስም ላይገኝ ይችላል። ያኔ «ማተሚያ ቤት፦» ብሎ ለይቶ መጻፍ ነው።

ገጹ ትክክል ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ ከጠፋ ኅትመቱ ይታይ። በሌላ ኅትመት ገጹ ሊቀያየር ይችላል፤ ስለዚህ «3ኛ ኅትመት» የሚል ካለ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

ለከርሞ በሁለተኛው ሳምንት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወስደን እዚያ ልንሞክረው አስበናል። መደርደሪያው ሰፊ ስለሆነ አምስቱን ደቂቃ አሥር እናደርገዋለን።