ስለ 6205 ኩሽኔታዎች ከኦሪጂናሉ መለየት የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ ደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ከ፦ የዱቄት ፋብሪካው የጥገና ክፍል

ከእናንተ የገዛናቸው፣ ሁለቱም ጎናቸው በጎማ የተሸፈነ 12 የ6205 ኩሽኔታዎች ፎርጅድ መሆናቸውን ስለጠረጠርን እንድትረከቡን ጠይቀን ነበር። መልሳችሁ «ልኩ ትክክል ነው፣ ካርቶኑም ያው ሰማያዊ ነው» የሚል ነው። በዚህ መልስ አልተስማማንም። የልዩነት ዝርዝራችንን እንዴት እንዳወጣነው ጭምር የምንጽፍላችሁ፣ ስቶር ባለው ዕቃ ላይ ራሳችሁ ደግማችሁ እንድታዩት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ልኩ። 6205 የሚል ኩሽኔታ ማንም ይሥራው የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ዲያሜትሩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። ፎርጅድ የሚሠራውም ይህን ልክ ካልጠበቀ ዕቃው ሻፍቱ ላይ ስለማይገባ አይሸጥለትም። ስለዚህ የልኩ መግጠም የአምራቹን ማንነት አያሳይም። ማንነቱ የሚታየው አምራቹ ራሱ በመረጠው ነገር፣ ማለትም ቀለበቱ ላይ በተጻፈው ጽሑፍ ነው።

ለማነጻጸሪያ ኢንተርኔት ላይ ያለ የካታሎግ ምስል አልተጠቀምንም፤ እንዲህ ያለው ምስል ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተር የተሣለ ስለሆነ ቀለሙና ፊደሉ አይታመንም። ከአምራቹ ሕጋዊ ወኪል በደረሰኝ የተገዙ ሁለት ኩሽኔታዎችን ፎቶ አነሣን። ሁለት ያደረግነው አስበንበት ነው። መጀመሪያ ኦሪጂናሎቹን እርስ በርስ አነጻጽረን፣ በእነሱ መካከል የታየውን ልዩነት ሁሉ ከዝርዝሩ ሰረዝነው። የካርቶኑ ሰማያዊ ቀለም የተሰረዘው እዚህ ላይ ነው፤ የሁለቱ ኦሪጂናሎች ካርቶን ራሱ አንዱ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ ነው። እናንተ በማስረጃነት ያቀረባችሁት ይህንኑ ቀለም ነው።

ፎቶዎቹ በአንድ ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት ላይ፣ ከ50 ሴንቲሜትር ከፍታ በሁለት እጥፍ ዙም ቀጥ ብለው ከላይ ተነሥተዋል። ስልኩን አስጠግቶ ማንሣት ለሌንሱ የቀረበውን ክፍል ስለሚያገዝፍ መጠኑን ያዛባል። ማዘንበሉን ቀለበቱ ራሱ ይናገራል፤ ዲያሜትሩ በአግድምና በቁም ተለክቶ ከ10 ፒክስል በላይ ከተለያየ ፎቶው ይጣላል። በተቀበልናቸው ፎቶዎች ላይ 52 ሚሊሜትሩ 1040 ፒክስል ስለሆነ፣ አንድ ሚሊሜትር 20 ፒክስል ነው።

አሁን ዋናው ልዩነት። በኦሪጂናሎቹ የውጭ ቀለበት ላይ «6205» የሚለው ቁጥር ቁመቱ 40፣ ስፋቱ 112 ፒክስል ነው፤ ስፋቱ የቁመቱ 2.8 እጥፍ ማለት ነው። በእናንተ ላይ ቁመቱ ያው 40 ሲሆን ስፋቱ 132 ነው፤ 3.3 እጥፍ። በእያንዳንዱ ልኬት ሁለት ፒክስል ብንሳሳት እንኳ ኦሪጂናሉ ከ3.0 አያልፍም፣ የእናንተው ከ3.09 አይወርድም። በ12ቱም ላይ ውጤቱ ይኸው ነው።

የቁጥሮቹ ቅርጽም ከዚህ ጋር ይስማማል። በኦሪጂናሉ «0» ጠበብ ያለ እንቁላል መሰል ነው፤ በእናንተ ላይ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረው። የኦሪጂናሉ «6» አናቱ ወደ ውስጥ ይቆለመማል፤ የእናንተው ቀጥ ብሎ ያዘነበለ መስመር ነው። ቁጥሩ የተጻፈው በሌላ ፎንት ነው ብለን የምናምነው ለዚህ ነው፤ የሌዘሩ ጥንካሬ ወይም የቀለበቱ ቅባት መስመሩን ሊያወፍር ወይም ሊያደበዝዝ ይችላል እንጂ የቁጥሩን አጣጣል አይለውጥም።

የጎማ ሽፋኑን ቀለም በዝርዝሩ መጨረሻ፣ «ደካማ» ብለን አስፍረነዋል። ነጩ ወረቀት በሁለቱም ፎቶ እኩል ነጭ ሆኖ ሳለ የእናንተው ጎማ ወደ ግራጫ ያዘነብላል። ሆኖም አምራች የጎማ ዓይነት ሊቀይር ስለሚችል በዚህ ብቻ አንከራከርም።

አምራቹ ጽሑፉን ለውጦ ሊሆን እንደሚችልም አስበናል። ይህን በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው ራሱ አምራቹ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን፦ ዕቃውን ያስገባችሁበትን ደረሰኝ ቅጂ እንድትሰጡን፤ አያይዘን የላክናቸውን የ12ቱን ኩሽኔታዎችና የሁለቱን ኦሪጂናሎች ፎቶ ለአምራቹ ልካችሁ መልሱን በጽሑፍ እንድታሳውቁን፤ እስከዚያው ከዚሁ ጭነት የቀረውን ከመሸጥ እንድትቆጠቡ። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ 12ቱን ተረክባችሁ ሙሉ ገንዘባችንን እንድትመልሱ እንጠይቃለን። ኩሽኔታዎቹ ሞተር ላይ አልተገጠሙም፤ ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል