ጠዋቱ ነው አደገኛው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ፓራሲታሞልና ስለ መጠጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚነገርለት ጉዳይ አይደለምና። ከዚያ አንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ጋዜጣውን አስቀመጥኩት። «ሲጠጡ ያመሹ ሰዎች መድኃኒቱን እስከ ጠዋት ቢያቆዩት ችግር የለውም» ትላለች። ወንድሜ ልክ እንደዚያ ነው ያደረገው።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ አረቄ ከሚወጣበት ቤት ነው ያደግሁት። እናቴ እኛን ያስተማረችን በዚሁ አረቄ ነው። እናንተ ስለ ጠጪ ስትጽፉ የምታስቡት ቅዳሜ ማታ ሁለት ቢራ የሚይዘውን ሰው ብቻ ነው። ፎቶውም ቢራ፣ ቁጥሩም በጠርሙስ። ከሥራ መልስ በየቀኑ ሦስት አራት መለኪያ የሚጨልጠው የቀን ሠራተኛስ ጉበት የለውም? ከማንም በላይ ይሄ ጽሑፍ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ወንድሜን ጥርሱ አመመው። ማታ አረቄውን ይጠጣል፣ ጠዋት ሲነሳ ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ይውጣል። ሕመሙ ሲብስ መጠጡን ተወና እስከ ማታ በየሦስት አራት ሰዓቱ ሁለት ሁለት ይል ጀመር። በቀን ዐሥር ፍሬ ማለት ነው፤ 5 ግራም። ጉንፋንም ስለነበረው ከሱቅ የጉንፋን መድኃኒት ገዝቶ ሦስት ጊዜ ደረበበት። እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ሌላ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል እንዳለ ያነበበለት የለም። ተደምሮ 6.5 ግራም። ለጤነኛ አዋቂ እንኳ ጣሪያው በቀን 4 ግራም ነው። ጥርሱ አላስበላ ስላለው ደግሞ እህል አልቀመሰም። እንዲህ ሦስት ቀን።

አሁን ያቺ ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደተሳሳተች ላስረዳ። ጉበት አብዛኛውን ፓራሲታሞል ያለ ችግር ያስወግደዋል። ጥቂቱ ግን በአንድ ኢንዛይም በኩል ሲያልፍ ወደ መርዝ ይለወጣል። ያንን መርዝ የሚያመክነው ግሉታታዮን የሚባል፣ ጉበት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ኢንዛይሙ ይበዛበታል፣ ግሉታታዮኑ ደግሞ ይሳሳበታል። አለመብላት የቀረውንም ይጨርሰዋል። አልኮል ደም ውስጥ እያለ ኢንዛይሙ በእሱ ተይዟል። ጠዋት አልኮሉ ሲወጣ የበዛው ኢንዛይም ሁሉ ነፃ ነው። ፓራሲታሞሉን የሚያገኘው ያኔ ነው። እናንተ «ቆዩ» ያላችሁት እስከዚያች ሰዓት ነው።

በሦስተኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር። የአረቄው ነው አልን። ከቀኝ ጎድኑ ሥር ያዘኝ አለ። ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። ዐይኑ ቢጫ ሲሆን ጎረቤት የወፍ በሽታ ነው ብሎ ሥር ሊያጠጣልን መጣ። እኔ ግን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ወስዷል?» ሲለኝ «ምንም፣ ፓራሲታሞል ብቻ» አልኩት። ይህንን መልሴን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የጉበት ምርመራው ቁጥር በሺዎች ወጣ። መጠጥ ብቻውን ያስቆጣው ጉበት አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ አያልፍም፤ ሐኪሙ ነገሩን የለየው በዚህ ነው። ማርከሻው ኤን-አሴቲልሲስቴይን ይባላል። መድኃኒቱ ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚያድነው፤ ቢዘገይም ግን ይሰጣል። ችግሩ የመጀመሪያው ቀን ምንም ላያሳይ ይችላል። ወንድሜ ተርፏል፣ ግን ሳምንታት ተኝቶ ነው።

ሰው አታስፈራሩ የሚል ካለ፣ ልክ ነው። አንድ ማታ የጠጣ ጤነኛ ሰው በማግስቱ ሁለት ፍሬ ቢውጥ አይሞትም። በየቀኑ ለሚጠጣና ለማይበላ ሰው ግን ብዙ ሐኪሞች በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ፍሬ አትለፍ ይላሉ፤ ያውም ለጥቂት ቀን፣ ጠይቆ። «ሌላ ማስታገሻ ይውሰዱ» ያላችሁትም እንዲሁ መታለፍ የለበትም። አይቡፕሮፌን የጠጪን ጨጓራ ያደማል፤ ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ኩላሊቱንም ይጎዳል።

ስለዚህ ያቺን «እስከ ጠዋት» የምትለውን ዓረፍተ ነገር አርሙልን። እርማቱ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ይውጣ። መለኪያ የሚለውን ቃልም ጻፉት። የእናቴ ደንበኞች ጋዜጣውን እየተቀባበሉ ያነቡታል።

የአረቄ አውጪ ልጅ፣
ከደብረ ብርሃን